ለኤልሳዕ ሠርግ የምናገረው

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ነፋስ ዋለ። የሐረሩ ሸዋ በር አቧራ እስከ መነጽር ቤታችን ድረስ ገባ። መስታወት ሳብስ፣ መልሼ ሳብስ... አንድ አዛውንት መነጽራቸው ላይ ተቀምጠውበት፣ ጎብጦባቸው መጡ። የመነጽሩን ክንድ አቀናሁላቸው። መረቁኝ፣ ሄዱ። ሌላ ምን? ምንም።

ከሰዓት ኤልሳዕ መጣ። አንድ ቤት የመብራት መስመር ሲዘረጋ ውሎ፣ ፒንሳው የኋላ ኪሱ ውስጥ።

«ኒቆ፣ አንደኛ ሚዜዬ አንተ ነህ።»

ይሄንማ ሳይነግረኝም አውቀዋለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ ማን አለው? ማን አለኝ?

«ንግግሩንም የምታደርገው አንተ ነህ።»

«የምን ንግግር?»

«ኬክ ከመቆረሱ በፊት። ብርጭቆ ይነሳል፣ ሚዜው ይናገራል። አጭር ነገር። ደስ የሚል።»

እኔ? ሰው በተሰበሰበበት ስሜን ስጠየቅ እንኳ የሚያልበኝ ሰውዬ? አብራኝ የምትሠራው ዋፊቃ ከመደርደሪያው ጀርባ ስትስቅ ሰማኋት። እምቢ ልለው አፌን ከፈትኩ... ግን ኤልሳዕ ፊት እምቢ ማለት መቼ ችዬ አውቃለሁ?

ሠርጉ ጥር 18 ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23

ጻፍኩ። ሙሉ ገጽ። ለዋፊቃ አነበብኩላት። «ኤልሳዕ በሐረር ከተማ ተወለደ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን...»

እጇን አነሳች። «ኒቆ፣ ሰውዬው ሞተ እንዴ?»

«ለምን?»

«የሕይወት ታሪክ ነዋ የጻፍከው! ይሄ የሚነበበው ሬሳ ሲወጣ ነው።»

ቀደድኩት። ልክ ናት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

ዛሬ ደግሞ ቀልድ ብቻ ጻፍኩ። ድሬዳዋ ሄደን የሆንነውን፣ ጫማው የጠፋበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ፍቅረኛውን... እየጻፍኩ ብቻዬን ሳቅኩ። ጎበዝ ነኝ አልኩ።

ዋፊቃ አልሳቀችም።

«ይሄን የጫማውን ነገር ማን ያውቀዋል?»

«እኔና ኤልሳዕ።»

«እንግዲያው ለኤልሳዕ በስልክ ንገረው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሁለታችሁ ስትሳሳቁ ያያችኋል እንዴ? የድሬዳዋውን አውጣ፣ መጠጥ አለበት። ሐጂዎች ይቀመጣሉ፣ ቄስ ይቀመጣሉ። ሴትዮዋንማ...» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ዋላሂ ኒቆ! በሙሽራዋ በነፃነት ሠርግ ላይ የሌላ ሴት ስም ልትጠራ?»

«እና ምን ልበል?»

«እናቴን አስባት፣ ቁጭ ብላለች። አጠገቧ የእህቴ ልጅ አለች፣ ገና ጥርሷን የምትነቅል። አማቱም አሉ። ሁሉም በአንድ ላይ የሚስቁበትን ነገር ፈልግ። አንዱ ስቆ ሌላው አንገቱን የሚደፋ ከሆነ ተወው።»

ቀላል መስሏታል።

ከዚያ ጠየቀችኝ። «ይሄን ሁሉ ተወውና፣ ስለ ኤልሳዕ የምታደንቀው ምኑን ነው?»

የማደንቀው ብዙ ነው፤ ግን ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ሳላስበው የፊውዙን ታሪክ ነገርኳት። ነፃነትን ያገኘበትን። ቤታቸው መብራት ተበላሽቶ ተጠርቶ እንደሄደ፣ መስመሩን አስተካክሎ ሲወጣ እሷን በር ላይ እንዳያት። ከዚያ «መስመሩ እንዳይግል ላየው» እያለ ደጋግሞ መመላለሱን። ሶኬት መቀየር፣ ማብሪያ ማጥፊያ መቀየር፣ ያልተበላሸ ቆጣሪ መፈተሽ... ግቢያቸው ላይ የተከለው አምፖል ብርሃኑ ከመብዛቱ የተነሳ ማታ ማታ ከተማ የሚገቡት ጅቦች መንገድ ቀየሩ ተባለ። በመጨረሻ የሚፈተሽ ነገር አለቀበት። ምክንያት አጣ። መሄድ አቆመ። ይሄኔ ነው ከዚያ ቤት የተደወለለት፤ መብራት ጠፋ። ሄዶ ቆጣሪውን ሲከፍት ፊውዙ የለም። ተነቅሏል! አሃ፣ ነፃነት ናት የነቀለችው አለ። እኔን ለማስመጣት ነው አለ። በዚያ ድፍረት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሻይ እንጠጣ ያላት።

ዋፊቃ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አንድ ደንበኛ ገብቶ ምን ሆናችሁ ብሎ እሱም ሳቀ።

«ይሄ ነው! ሌላውን ሁሉ ጣለው!»

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29። ገና

እንኳን አደረሰን። ኤልሳዕን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኘሁት። ስለ ፊውዙ ልናገር ነው አልኩት። ነጠላዬን ያዘኝ።

«አቦ ኒቆ፣ እሱን እንኳ ተው! ጋሽ ሀብተወልድ ይሰማሉ!»

ጋሽ ሀብተወልድ የነፃነት አባት ናቸው። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ሲስቁ ያየ ሰው አላውቅም።

«ቤታቸው እየገባሁ እንደዋሸኋቸው በሠርጌ ቀን ይወቁ? ልጃቸውስ? ፊውዝ ነቅላ ወንድ ጠራች ይባል? ማልልኝ።»

አልማልኩም። «ካልፈቀዱ አልናገርም» አልኩት። እሱ ደግሞ «እንዴት ብለው ይፈቅዳሉ፣ አያውቁም እኮ» ብሎ ሳቀና ሄደ።

እውነቱን ነው። የሙሽራዋን አባት ያሳፈረ ንግግር ምኑን ንግግር ነው?

ዓርብ፣ ጥር 2

ምንም አልጻፍኩም። ሌላ ታሪክ የለኝም።

ሰኞ፣ ጥር 5

ምን ዓይነት ቀን ነው!

ዋፊቃ ለሶላት ወጥታ ብቻዬን ነበርኩ። ጋሽ ሀብተወልድ ገቡ። ከነኮታቸው፣ ከነከዘራቸው። የማንበቢያ መነጽር ፈልገው ነው። ዓይናቸውን ለካሁ። ፊደሉን እያነበቡልኝ ሳለ በመሐል...

«ንግግር የምታደርገው አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ስለ መብራቱ ትናገራለህ?»

ሌንሱ ከእጄ ሊወድቅ። «የ... የትኛው መብራት ጋሼ?»

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲዋሽ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ቆጣሪ በየሳምንቱ አይበላሽም።»

ሌንሱን ቀየርኩላቸው። ከዚያ ፊደሉን እያዩ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ...

«ፊውዙን የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?»

«መምጣት አቆመብኝ። ልጄ መስኮት መስኮት ማየት አበዛች፤ ግን አትናገርም። እሱም ፈሪ ነው። ምን ላድርግ? ነቅዬ ኮቴ ኪስ ከተትኳት። ከዚያ ልጄን መብራት ጠፋ ደውዪለት አልኳት።»

«እግዚኦ! ኤልሳዕ እኮ እሷ ናት የነቀለችው ብሎ...»

«እሷ ደግሞ እስካሁን ለመጠራት ብሎ ፊውዙን የሰረቀው እሱ ነው የሚመስላት» አሉ።

ለምን እንደወደዱት ጠየቅኳቸው። ከየት እንደደፈርኩ አላውቅም። መነጽሩን አወለቁ።

«መጀመሪያ የመጣ ቀን ኩሽና ሲሠራ አየሁት። ሰው ሳያዘው ጫማውን አውልቆ ገባ። ለባለቤቴ ለገላነሽ፣ ዝናብ ሲሆን መብራቱን በየትኛው ማጥፊያ እንደምታጠፋው፣ እጇ እርጥብ ከሆነ እንዳትነካ፣ እስክትይዘው ድረስ ደጋገመላት። ሴት ልጅ ሊያይ የሚመጣ ሽቦውን አያይም። ይሄኛው ሁለቱንም ያያል። ይሄን ልጅ አላስመልጥም አልኩ።»

መናገር እችላለሁ? አልኩ።

«ተናገር። ለኤልሳዕ ግን አትንገረው። እዚያው ይስማ። ስሜን ግን አንተ አትጥራ።»

ሲወጡ ከንፈራቸው ጥግ ላይ የሆነ ነገር ነበር። ሳቅ ልበለው?

ማክሰኞ፣ ጥር 6

አባት ፈቀዱ፤ ሙሽራዋስ? የሷም ቀን ነው። ለነፃነት ደወልኩ። ስለ ፊውዙ ልናገር ነው ስላት ጮኸች። «አባዬ!»

«አባትሽን ጠይቄአለሁ። ፈቅደዋል።»

«አባዬ... ያውቃል?»

«ቀሪውን የዚያን ቀን ትሰሚያለሽ። አይሆንም ካልሽኝ ግን አሁኑኑ እተወዋለሁ።»

አሰበች። ከዚያ ሳቋን ሰማሁት። አዋላጅ ነርስ ናት፣ በቀላሉ አትደነግጥም። «ተናገር» አለችኝ። «ያች ፊውዝ ግን በኔ እንዳትላከክ።»

ዓርብ፣ ጥር 9

ሳቁ ተገኘ። መጨረሻውስ? ዋፊቃ «አስቀህ አስቀህ በሳቅ ብትዘጋው ሰዉ ምንም ሳይዝ ይበተናል» ትላለች። በመጨረሻ ዝግ ማለት አለበት... ግን ለቅሶ ቤት እንዳይሆን።

ፈላና በር እትዬ ጽጌ ጋ ሄድኩ። የኤልሳዕ እናት። የዓይን ግፊት ዓይናቸውን እየወሰደው ነው። ሥራዬ ስለሆነ አውቃለሁ፤ መነጽር የሚመልሰው ነገር አይደለም። አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት።

ያንን ቤት ስገባ ሁልጊዜ የማየው ነገር አለ። ኤልሳዕ ዓይናቸው መድከም ሲጀምር ከመኝታቸው እስከ ኩሽና፣ ከኩሽና እስከ ጓሮ፣ በየደረጃው ጠርዝ ላይ አምፖል ተክሏል። ዝቅ አድርጎ፣ እግር ሥር። ዓይናቸው ሲብስ አምፖሉን በደማቅ ይቀይረዋል። አንድም ቀን ስለዚህ ነገር ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ይሄንን ነው የማደንቀው። ግን እሳቸው ፊት መናገር ይቻላል? ሕመማቸውን በሕዝብ ፊት?

ጠየቅኳቸው። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

«አታሳዝነኝ እንጂ ተናገር» አሉኝ። «ዓይነ ስውሯ እናቱ ምናምን ብለህ ሰዉን ካስለቀስክብኝ ከዘራዬን ይዤ እነሳለሁ። በልጄ ሠርግ ልስቅ ነው የምመጣው።»

«እንዴት ብዬ ልበለው እትዬ?»

«እንዳለ። ልጁ አምፖል አበዛ በል። ጎረቤቴ ሐሊማ ሠርግ ቤት መስሏት እልል ብላ ገባች በል። እውነት ነው፣ ብላለች።»

ሳቅን። ከዚያ እጄን ፈልገው ያዙኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያሳስበኝ። ልጄ ሰው ሲያገለግል መቀመጥ አያውቅም። መጨረሻ ላይ እኔን ተወኝና ወደ ሁለቱ ዙር። የሚኖሩት እነሱ ናቸው።»

መጨረሻዬን ይዤ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ጥር 12

ጥምቀት አለፈ። ዛሬ አዳራሹን አየሁ። መድረክ የሚመራው ሰው ጥሩ ነው፣ ሁሉንም አስረዳኝ። ሰው እንዳይራብ ከምግብ በኋላ፤ ሰው እንዳይበተን ከኬክ በፊት። ማይኩን ከአገጭ ሥር ያዝ፣ ሆድህ ላይ አታውርደው። ሰው ሲስቅ አትናገርበት፣ ሳቁ ይውረድ፣ ከዚያ ቀጥል። ሽማግሌዎቹን ፊት አስቀምጣቸዋለሁ፣ አንተ ግን የኋለኛው ረድፍ እንዲሰማህ ተናገር።

«ወረቀት ልያዝ?»

«ካነበብክ ዓይንህን እናጣዋለን። ጥቂት ቃል እጅህ ላይ ጻፍ።»

ከዋፊቃ ጋር ተለማመድን። እሷ ሙሽራም፣ አማትም፣ ሕፃንም እየሆነች። ረዘመ ትላለች፣ እቆርጣለሁ። አሁንም ረዘመ። የምወደው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሄደ... ሲያልቅ ጎረቤታችን ባለ ሱቁን በሩ ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ አገኘነው። «ከዚያስ?» አለ። ዋፊቃ «ማሻአላህ፣ ደርሷል» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ምሳ አልበላሁም። ሱፉ ይጠባል። ኤልሳዕ ደውሎ «ምን ልትል ነው?» ይላል። «ደስ የሚል ነገር» አልኩት። መዋሸት ነው? አይደለም።

ሰኞ፣ ጥር 19

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ሁሉንም ልጻፍ፣ ሳይጠፋብኝ።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ አዳራሽ። ምግቡ በሁለት ወገን ተዘጋጅቷል፣ የክርስቲያን እዚህ፣ የእስላም እዚያ፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ሁሉም ተቀላቅሎ ነው የተቀመጠው። ዋፊቃ ከእናቷና ከእህቷ ልጅ ጋር መሐል ላይ።

ስሜ ተጠራ። ቆምኩ። እጄን ገለጥኩ፤ የጻፍኩት በላብ ሄዷል። ማይኩን ያዝኩ፤ ድምፄ አልወጣም። አንዲት አሮጊት ከፊት ረድፍ «ጮክ በል ልጄ!» አሉ።

«እማማ፣ ገና አልጀመርኩም» አልኩ።

አዳራሹ ፈነዳ። በዚያ ሳቅ ነው እግሬ መሬት የያዘው።

«ስሜ ኒቆዲሞስ ነው። መነጽር ነው የምሠራው። የኤልሳዕ ጓደኛ ከሆንኩ ጀምሮ ስለ መብራት ተምሬአለሁ። የተማርኩት ግን አንድ ነገር ነው፤ ፍቅር ሲይዝ ቆጣሪ ይበላሻል።»

ኤልሳዕ ቀና አለ። ገባው። ጣቱን አንገቱ ላይ አድርጎ «ተው» አለኝ። ሰዉ አየውና ሳቀ። ቀጠልኩ። ሶኬቱን፣ ማብሪያውን፣ አምፖሉን። «ያ ግቢ ከደመቀ ወዲህ ጅቦቹ በሌላ በር ነው የሚገቡት። ኤልሳዕ አቤቱታ እንዳያስገቡበት ነው የሚፈራው።» ትንሿ የዋፊቃ እህት ልጅ ስትንከተከት ከሁሉም በላይ ተሰማች። ጋሽ ሀብተወልድ ግን ፊታቸው እንደ ፍርድ ቤት። ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆን?

«ከዚያ ምክንያት አለቀበት። መምጣት አቆመ። አንድ ቀን ተደወለለት። መብራት ጠፍቷል። ሄደ፣ ቆጣሪውን ከፈተ፣ ፊውዙ የለም። ኤልሳዕ ነፃነት ናት የነቀለችው አለ። ነፃነት ኤልሳዕ ነው የሰረቀው አለች። ሁለቱም እስከዛሬ አንዱ ሌላውን እያመሰገነ ይኖራሉ። እኔ ግን የነቀለውን ሰው አውቀዋለሁ። ስም አልጠራም። ራሱ ያውቃል።»

ዝም አልኩ። ልክ እንደተለማመድነው... ግን ከተለማመድነው በላይ ረዘመ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ነፃነት ወደ ኤልሳዕ ዞረች፣ ኤልሳዕ ወደ ነፃነት። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጋሽ ሀብተወልድ እጃቸውን አወጡ። ቀስ ብለው፣ እንደ ተማሪ።

ያንን ጩኸት እንዴት እጽፈዋለሁ? እትዬ ገላነሽ ትከሻቸውን መቱዋቸው። «አንተ ነህ! በጨለማ ወጥ ያሠራኸኝ አንተ ነህ!» ነፃነት ፊቷን በቬሎዋ ሸፈነች። ኤልሳዕ ተነስቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ቀና አድርገው አቀፉት። ሳቁ። ጥርሳቸውን አየሁት! ሁላችንም አየነው።

ሳቁ እስኪወርድ ጠበቅኩ። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«ጋሼን ለምን ይሄን ልጅ መረጡ ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። ሴት ልጅ ሊያይ የሚመጣ ሽቦውን አያይም፤ እሱ ሁለቱንም ያያል አሉኝ። እውነት ነው። ፈላና በር አንድ ቤት አለ። ከመኝታ እስከ ኩሽና፣ በየደረጃው፣ እግር ሥር አምፖል አለ። ከመብዛቱ ጎረቤት ሠርግ ቤት መስሏት እልል ብላ ገብታለች።» እትዬ ሐሊማ ከጠረጴዛቸው «ገብቻለሁ!» አሉ። እትዬ ጽጌ በሳቅ ተንፈቀፈቁ። «ማንም አላዘዘውም። ለማንም አልነገረም። ኤልሳዕ ሰው ሲወድ ስለ መውደዱ አያወራም፤ የሚሄድበትን መንገድ አይቶ እግሩ ሥር ብርሃን ያስቀምጣል።»

ወደ ሁለቱ ዞርኩ።

«ነፃነት፣ ይሄ ሰው ያንቺንም መንገድ ያያል። አንድ ነገር ግን አይችልም፤ መቀመጥ። ኤልሳዕ፣ ወንድሜ፣ አንዳንድ ቀን ቁጭ በል። እሷ ታብራልህ።»

ብርጭቆዬን አነሳሁ። «ጠጅ የያዛችሁ ጠጃችሁን፣ ለስላሳ የያዛችሁ ለስላሳችሁን፣ ውሃም ቢሆን። አባቶች በምርቃታችሁ፣ ሐጂዎች በዱዓችሁ። ለኤልሳዕና ለነፃነት!»

ሁሉም ተነሳ። አሚን የሚለውና አሜን የሚለው አንድ ላይ ተሰማ።

ኤልሳዕ መጥቶ አቀፈኝ። ጆሮዬ ሥር ይተነፍሳል ብቻ። ከዚያ «ካልፈቀዱ ብለህ ነበር እኮ» አለኝ።

«ፈቀዱዋ።»

ሐሙስ፣ ጥር 29

ዝናብ ሳይሆን ደመና ብቻ። ሱቁ ጭር ብሎ ዋለ።

አመሻሽ ላይ ለማ የሚባል ሰው ገባ፤ ኤረር በር ብረት ይበይዳል። መነጽር ሊገዛ መስሎኝ መደርደሪያውን ከፈትኩ። ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ቆመ።

«በኤልሳዕ ሠርግ ነበርኩ። ጾም ከመግባቱ በፊት ወንድሜ ያገባል። ተናገር አሉኝ... እኔ ደግሞ መናገር አልችልም። ስለሱ የምለውም የለኝም።»

ድሮ ቢሆን? «አይ ወንድሜ፣ እኔም አልችልበትም» ብዬ መስታወቴን ወደማበስ እመለስ ነበር። ወንበር ሳብኩለት። ዋፊቃ ቁልፉን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች፣ መዝጊያ ሰዓት ነው። ቁልፉን ለኔ ተዪው አልኳት። አየችኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ወጣች።

«ስለ ወንድምህ ልትናገር አትሞክር» አልኩት። «ለኔ ብቻ አውራኝ። ከሱ ጋር መጨረሻ በደንብ የሳቅከው መቼ ነው?»

ለማ መሬት መሬት አየ። አሰበ። ከዚያ ገና ምንም ሳይነግረኝ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሳቁ እስኪወርድለት ጠበቅኩት።